ስፖርታዊ ጨዋነትን ከ10 ማረም፦ የመረብ ኳስ ሩብሪክ አሠራር ከደሴ

የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ መምህር ከሆናችሁ ይቺን መስመር ታውቋታላችሁ፦ «ስፖርታዊ ጨዋነትና የቡድን ሥራ፣ 10 ነጥብ»። ሰርቭ ማረም አያስቸግርም። ኳሱ ወይ ይሻገራል ወይ አይሻገርም። ጨዋነት ላይ ስንደርስ ግን በእጃችን ምንም የለም። ስሙን አይተን፣ ፊቱን አስታውሰን፣ የሆነ ቁጥር እንጽፋለን። ረባሹ ዝቅ ይላል፣ ዝምተኛው መሃል ላይ ይወድቃል፣ ጎበዝ ተጫዋቹ ከፍ ይላል። በመጨረሻ ያረምነው ጠባዩንና ችሎታውን ነው። ጠባይ ደግሞ በሪፖርት ካርዱ ላይ የራሱ ቦታ አለው። ችሎታውንም በሰርቭና በፓስ አርመነዋል።

እኔ የማስተምረው ደሴ ነው፣ 9ኛ ክፍል። አንድ ክፍል ውስጥ 60 ልጅ ይቀመጣል። ያለን አንድ የመረብ ኳስ ሜዳ ነው። መረቡ ካረጀ ወዲህ በሁለቱ እንጨቶች መካከል ገመድ እንወጥራለን። በዚህ ሁኔታ የሠራልኝን ሩብሪክ ነው የምነግራችሁ። የሌላ ትምህርት ቤት ሰው ገልብጦ እንዲወስደው አልመክርም። እንዴት እንደተሠራ ግን ለማንም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ዋናው ነገር ይሄ ነው። ሩብሪኩ የሚጻፈው ስለ ልጁ አይደለም፣ ስለ አንድ አጋጣሚ ነው። «ሐቀኛ ነው»፣ «ቡድኑን ይወዳል»፣ «ሌሎችን ያከብራል» የሚሉ መስመሮች ሜዳ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ሊሞላቸው አይችልም። ሐቀኝነት አይታይም። የሚታየው ኳሱ ጣቱን ነክቶ ሲወጣ ልጁ ያደረገው ነገር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀት ላይ የጻፍኩት መስፈርት አልነበረም። «ጨዋነት የሚፈተነው መቼ ነው?» ብዬ ጨዋታውን ቁጭ ብዬ አየሁና ሦስት አጋጣሚ መረጥኩ።

አንደኛው አከራካሪ ኳስ ነው። ኳሱ መስመር ነክቷል አልነካም፣ ጣት ነክቶ ነው የወጣው ወይስ ሳይነካ፣ በገመዱ ላይ አለፈ ወይስ በሥር። ገመዱ እዚህ ላይ ትልቅ ውለታ ውሎልናል። መረብ ቢሆን ኳሱ ይመታና ይወድቃል፣ ክርክር የለም። በገመድ ግን በሥር ማለፉን በደንብ የሚያውቁት ቅርብ ያሉት ልጆች ናቸው። እኔ ከጎን ቆሜ ብዙ ጊዜ አይታየኝም።

ሁለተኛው ጓደኛ ሲስት ነው። ሰርቩ ሳይሻገር ሲቀር ወይም የመጣለትን ኳስ ሲያመልጠው የቀሩት አምስቱ ምን ያደርጋሉ?

ሦስተኛው የደሴ ጣጣ ነው። ሜዳችን ተዳፋት ዳር ነው። ኳሱ ከወጣ ቁልቁል ይሄዳል። ማን ወርዶ ያመጣዋል? ይህን አጋጣሚ የትም መጽሐፍ ላይ አላገኛችሁትም ይሆናል፣ ስለ ቡድን ሥራ ግን ከሁሉም የበለጠ ይናገራል። ሁልጊዜ አንድ ልጅ ብቻ የሚላክበት ቡድን አለ። የሚላከውም ብዙ ጊዜ ደካማው ተጫዋች ወይም በዕድሜ ትንሹ ነው። ልጆቹ ተራ የሚወርዱበት ቡድንም አለ፣ ማንም ሳያዛቸው። የእናንተ ሜዳ ሜዳማ ከሆነ በዚህ ምትክ ሌላ የማይወደድ ሥራ ፈልጉ። ገመድ መወጠር ወይም ኳስ መልሶ ዕቃ ክፍል ማስገባት ይሆናል።

ጥረትን ሆን ብዬ ነው የተውኩት። አሜሪካዊው የስፖርት መምህር ዶን ሄሊሰን የኃላፊነትን ደረጃዎች ሲደረድር ሌላውን ማክበርን፣ ጥረትን፣ ራስን መምራትን፣ ሌሎችን መርዳትን ለየብቻ ነው ያስቀመጣቸው። ይህ መለያየት ለእኛ አገር በጣም ይጠቅማል። ወሎ ውስጥ አንድ ክፍል ስትገቡ ረመዳን የሚጾምና ዐቢይ ጾምን የሚጾም ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጦ ታገኛላችሁ። አንዳንድ ዓመት ሁለቱ ጾሞች ይገናኛሉ። «በሙሉ ኃይሉ ይሮጣል» የሚል መስመር ብታስገቡ የምታርሙት ጾሙን ነው። የጾመ ልጅ መጫወት ካልቻለ ነጥብ መዝጋቢ አደርገዋለሁ። እዚያም አጋጣሚ አለ። የጓደኞቹ ቡድን ያለ አግባብ ነጥብ ሲጨመርለት ያርማል ወይስ ዝም ይላል? አንደኛው መስፈርት ለእሱም በዚያው ይሠራል።

አሁን ደረጃዎቹ። አራት ናቸው። ሦስት ወይም አምስት ቢሆኑ መሃለኛው ላይ መደበቅ ይመጣል፣ በአራት ግን የግድ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መወሰን አለባችሁ። «አንዳንዴ»፣ «ብዙ ጊዜ»፣ «ሁልጊዜ» የሚሉትን ቃላት ከሩብሪኩ አስወጡ። 60 ልጅ የሚያይ መምህር ማን ስንት ጊዜ እንዳደረገ አይቆጥርም። ደረጃዎቹን የሚለያቸው ልጁ ነገሩን ያደረገው በምን ምክንያት ነው የሚለው ይሁን፦ ተጠይቆም እምቢ ብሎ፣ ተጠይቆ፣ በራሱ፣ ወይስ ዋጋ ከፍሎ። የአከራካሪው ኳስ መስመር እንዲህ ይነበባል።

1፦ ተጠይቆም ይክዳል፣ ወይም በጩኸት ነጥቡን ለመውሰድ ይሞክራል።
2፦ ተቃራኒው ቡድን በቀጥታ ሲጠይቀው እውነቱን ይናገራል።
3፦ ክርክር ሲነሳ ማንም ሳይጠይቀው በራሱ ይናገራል።
4፦ ተቃራኒው ቡድን ያላየውን፣ ነጥቡ ለእሱ ቡድን ሊሰጥ ሲል፣ ራሱ ይናገራል።

4ኛው ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ልጁ የሚናገረው ስለ ራሱ ንክኪ ነው። ጓደኛውን እንዲያጋልጥ አልጠይቅም። አንድ ጊዜ ያ ከገባ ሜዳው የመካሰሻ ቦታ ይሆናል፣ ቡድኑም ይፈርሳል።

የኳስ ማምጣቱም መስመር በዚያው መንገድ ይሄዳል። 1 ሌላውን ብቻ ይልካል። 2 ሲነገረው ይወርዳል። 3 ተራው ሲደርስ በራሱ ይወርዳል። 4 አንድ ልጅ እየተደጋገመበት መሆኑን አይቶ «እኔ ልሂድ» ይላል።

የሁለተኛውን አጋጣሚ መስመር ለመጻፍ ግን ጊዜ ወስዶብናል። «ወስዶብናል» ያልኩት ከሌላ የስፖርት መምህር ጋር ስለሠራሁት ነው። ማንኛውም ሩብሪክ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ሁለት ሰው አንድ ቡድን እያየ፣ ሳይነጋገር፣ ለየብቻው ይሙላው። የምትለያዩባቸውን ቦታዎች ብቻ ተነጋገሩባቸው። እኛ አከራካሪው ኳስ ላይ ብዙም አልተለያየንም። ሁለተኛው ላይ ግን አንዲት ልጅ አፋጠጠችን። መጀመሪያ የጻፍነው መስመር «ጓደኛው ሲስት ያበረታታል» ይል ነበር። ባልደረባዬ 1 ሰጣት፣ እኔ 4።

«ይቺ ልጅ እኮ አፏን አልከፈተችም፣ ወንድሜ! ምኑን አበረታታች?» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ አልተናገረችም። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ከጎኗ ያለው ልጅ የመጣለትን ኳስ ሁለት ጊዜ ሳተ። ከዚያ በኋላ ኳስ ወደ እሱ በመጣ ቁጥር አንድ እርምጃ ወደ እሱ ጠጋ ትላለች። ቦታውን አትወስድበትም። ኳሱን እንዲመታ ትተወዋለች፣ ካመለጠው ከኋላው አለች። በዚያው ቡድን አንድ ሌላ ልጅ «አይዞህ! አይዞህ!» እያለ ይጮሃል፣ ዞር ሲል ግን ከጓደኛው ጋር በሳተው ልጅ ላይ ሙድ ይይዛል። በመጀመሪያው መስመር ብንሄድ ጯሂው ልጅ 4 ያገኝ ነበር።

ስለዚህ «ያበረታታል» የሚለውን ቃል አወጣነው። ዓይነ አፋር ልጅን ይቀጣል፣ አፈኛን ይሸልማል። አዲሱ መስመር እንዲህ ሆነ። 1፦ በቃል፣ በፊት ወይም በእጅ ይዘልፋል፣ ሙድ ይይዛል፣ ወይም ኳስ ይነፍገዋል። 2፦ አይዘልፍም፣ ግን እንዳልሆነ ያልፈዋል። 3፦ በቃል ወይም በምልክት ወደ ጨዋታው ይመልሰዋል፤ እጅ መምታት፣ ራስ መነቅነቅ ይበቃል። 4፦ የሚቀጥለው ኳስ ላይ ቦታ ይሸፍንለታል ወይም ቀላል ኳስ ይሰጠዋል፣ ድርሻውን ግን አይወስድበትም። ይህን ይዘን እንደገና ስናይ እሷ ላይ ተስማማን። የመጨረሻዋን ሐረግ፣ «ድርሻውን አይወስድበትም» የምትለዋን፣ በጣም እወዳታለሁ። ጎበዝ ተጫዋች «ልርዳህ» ብሎ የሁሉንም ኳስ ሲመታ የቡድን ሥራ ይመስላል። ሴት ልጆች በተቀላቀሉበት ቡድን ደግሞ ይሄ በየደቂቃው የሚታይ ነገር ነው። ኳሱ ወደ እሷ እየመጣ ልጁ ከፊቷ ይገባል።

ሩብሪኩ ቢያምርም አጋጣሚው ካልመጣ ባዶ ወረቀት ነው። በተለመደው ጨዋታ አንድ ልጅ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ አከራካሪ ኳስ ላይገጥመው ይችላል። ሁለት ነገር አደርጋለሁ። አንደኛ፣ ዳኛ አላቆምም። ፊሽካ ካለ ልጁ እውነቱን የመናገር ሥራውን ለዳኛው ያስረክባል። ሁለተኛ፣ ጨዋታውን ከ0 ለ0 አላስጀምርም። 12 ለ12 ብለን ጀምረን እስከ 15 እንጫወታለን። እያንዳንዷ ነጥብ ትከብዳለች። 3 ለ1 እየመራ «ነክቶኛል» ማለት ቀላል ነው። 14 ለ14 ላይ ግን ልጁ የእውነት ይጨነቃል። ጨዋታው አጭር ስለሚሆን ቡድኖች ቶሎ ይቀያየራሉ። በአንድ ክፍለ ጊዜ ሦስት ጨዋታ ይደርሳል።

ክርክር ካልተፈታ ሕጉ አንድ ነው፦ ኳሱ ይደገማል። ይህ ሕግ ከሌለ ጨዋታው ይቆማል። ግን አንዳንድ ልጆች ቶሎ ይነቁበታል። ሊሸነፉ ሲሉ ጮኸው ኳሱን ያስደግማሉ። «በጩኸት ነጥቡን ለመውሰድ ይሞክራል» የሚለውን 1ኛው ደረጃ ላይ ያስገባሁት ለዚህ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን ሁሉም ያውቁታል፣ ስለዚህ ሕጉን ሳስረዳ እሱን ነው የምጠራላቸው። ወዲያው ይገባቸዋል።

አያያዙ እንዲህ ነው። በአንድ ጨዋታ 12 ልጅ ሜዳ ላይ አለ፣ የማየው ግን አንዱን ቡድን፣ 6 ልጅ ብቻ ነው። በሦስት ጨዋታ 18 ልጅ። 60 ልጅ በአራት ክፍለ ጊዜ ያልቃል ማለት ነው። የትኛውን ቡድን እንደማይ አልናገርም። ወረቀቱን በየክፍለ ጊዜው ይዤ ስለምወጣ ማንም አይለየውም። ተራ ቁጥራቸውን በጨርቅ ጽፈው ደረታቸው ላይ ያስራሉ። ወረቀቴ ላይ ቁጥር አልጽፍም፣ ፊደል ብቻ። «ክ» ካደ፣ «ጠ» ተጠይቆ፣ «ራ» በራሱ፣ «ዋ» ዋጋ ከፍሎ። አጋጣሚው ካልመጣ ሰረዝ። ወደ ቁጥር የምቀይረው ከክፍለ ጊዜው በኋላ ተቀምጬ ነው። ሜዳ ላይ ቁጥር ስትጽፉ ሳታስቡት ልጁን መመዘን ትጀምራላችሁ፣ ፊደል ስትጽፉ ግን ያያችሁትን ነው የምትመዘግቡት። የአንድ ልጅ ሁለት ፊደል ከተለያየ በከባዱ ነጥብ ላይ የታየውን እወስዳለሁ።

አንድ ልጅ ላሳያችሁ። ከክፍሉ ምርጥ ተጫዋች ነው። 13 ለ13 ላይ ተቃራኒው ቡድን መታ፣ ኳሱ የጣቱን ጫፍ ነክቶ ወጣ። ጓደኞቹ «አውት!» ብለው ጮኹ። ልጁ ወደ እኔ አየ። እዚህ ላይ የመምህሩ ፊት ወሳኝ ነው። ትንሽ ብትነቀንቁ ወይም ዓይናችሁን ብታፈጡ መልሱን ነገራችሁት ማለት ነው። እኔ ወረቀቴን አየሁ። ከዚያ ማዶ አንዷ «ነክቶሃል አይደል?» አለችው። ዝም አለ፣ ከዚያ «አዎ፣ ነክቶኛል» አለ። «ጠ»፣ ማለትም 2። በዚያ ጨዋታ ከጓደኞቹ ማንም ጉልህ ስህተት አልሠራም፣ ስለዚህ ሁለተኛው መስፈርት ሰረዝ ሆነ። ኳሱ ቁልቁል ሲሄድ ግን ሁለት ጊዜ በተከታታይ የወረደውን ትንሹን ልጅ ይዞ አስቀረውና ራሱ ሮጠ። 4። ስሌቱ 2 እና 4፣ ድምር 6 ከ8። ከ10 ሲቀየር 7.5። ሰረዙን እንደ ዜሮ አልቆጥረውም፣ ያልገጠመውን ነገር አልጠይቀውም። ሁለት ሰረዝ ያለበትን ልጅ ግን በአንድ መስፈርት ብቻ አላርመውም፣ ሌላ ቀን እንደገና አየዋለሁ።

ልጁ ውጤቱን ሲያይ መጥቶ «ቲቸር፣ እውነቱን ተናግሬ ለምን 2 ሆነ?» አለኝ። ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ሩብሪኩን አወጣሁና 2ኛውን እና 3ኛውን መስመር አነበብኩለት። «አዎ፣ ጠይቃኝ ነው» ብሎ ሄደ። ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ ኳሷ ስለሆነ የተጻፈው አልተከራከረም፣ አልተቀየመም። «ሐቀኝነት 2» ብለው ለወላጁ ቢልኩለት ግን ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ለዚህ ነው ሩብሪኩን በመጀመሪያው ቀን ክፍል ግድግዳ ላይ የምለጥፈው።

ልጆች እርስ በርስ ማርክ ይሰጣጡ የሚል ሐሳብ ብዙ ጊዜ ይነሳል። እኔ አላደርገውም። ጓደኛሞች ሙሉ ይሰጣጣሉ፣ የተጣሉት ይቀጣጣሉ። ከጨዋታው ውጭ ለተቀመጡት ግን ብጣሽ ወረቀት እሰጣቸዋለሁ። የአንድ ተጫዋች ቁጥርና ያዩትን አንድ ድርጊት ብቻ ይጽፋሉ፦ «17 ቁጥር በገመዱ ሥር ነው ያለፈው አለች» ዓይነት። ማርክ የለውም፣ ግን እኔ ያላየሁትን ያሳየኛል። «ጎበዝ ናት»፣ «ጥሩ ልጅ ነው» ብሎ የሚጽፍ ካለ ወረቀቱን እመልስለታለሁ፣ ያየኸውን ጻፍ ብዬ።

ይህ ሩብሪክ የማይችለውም አለ። የሚለካው በእኔ ዓይን ፊት የሆነውን ነው። እረፍት ሰዓት ላይ ያው ልጅ በኳስ ሲጣላ ብታዩት ማርኩ ውሸት ነበር ማለት አይደለም፣ ስለ እረፍት ሰዓቱ ግን ምንም አይነግራችሁም። የአንድ ሴሚስተርን 7 ከሌላው ሴሚስተር 9 ጋር አወዳድራችሁ «ልጁ ተሻሽሏል» ለማለትም አትቸኩሉ። የገጠሙት አጋጣሚዎች ይለያያሉና።

ስፖርቱ ሲቀየር የመጀመሪያው መስፈርት እንደገና ይጻፋል። ለእጅ ኳስ የገመዱን ክርክር አውጥቼ የ6 ሜትሩን መስመር አስገባሁ። አጥቂው መስመሩን ረግጦ ጎል ሲያገባ ከሁሉ በፊት የሚያውቀው ራሱ ነው። ሦስት እርምጃውን ያለፈውም እንዲሁ፣ እሱ ግን ለጀማሪ አይመችም። 9ኛ ክፍል ብዙው ልጅ ስንት እንደረገጠ የእውነት አያውቅም፣ የማያውቀውን ባለመናገሩ ደግሞ 1 ሊሰጠው አይገባም። ስለዚህ ለጀማሪዎች መስመሩን ብቻ ነው የማየው። መስመሩን በኖራ በደንብ አስምሩት፣ የረገጠው ጫማ ላይ ነጭ ይቀራል።